ቨርቴክስ ለማግኘት ስኩዌር ማሟላት፣ ፎርሙላውም ከዚያው ሲወጣ

(x + 5)² ሲዘረዘር x² + 10x + 25 ነው። ስለዚህ x² + 10x ብቻ ከተሰጣችሁ የጎደለው 25 ነው ማለት ነው። የ10 ግማሽ 5፣ 5 በራሱ ሲባዛ 25። አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ x² + 10x = 39ን የፈታው እንዲሁ ነው። ካሬ ስሎ ጥጉ ላይ የጎደለውን 25 ሞላ፣ 39 ላይም 25 ሲጨምር 64 ሆነ። ስለዚህ x + 5 = 8፣ x = 3። ኔጌቲቩን መልስ እሱ አይፈልገውም ነበር።

አሁን የዚህን ፓራቦላ ቨርቴክስ እንፈልግ፦

y = 2x² − 12x + 11

2ን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተርሞች አውጡ። 11ን አትንኩት።

y = 2(x² − 6x) + 11

የ−6 ግማሽ −3፣ ስኩዌሩ 9። ቅንፉ ውስጥ 9 ደምሩና እዚያው ቀንሱት።

y = 2(x² − 6x + 9 − 9) + 11

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። +9 ውስጥ ይቀራል፣ −9 ግን መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ደግሞ ቅንፉ ፊት ባለው 2 ተባዝቶ −18 ይሆናል። እንዳለ −9 ብላችሁ ካወጣችሁት 2(x − 3)² + 2 ታገኛላችሁ። ይሄኛው የxን መስመር ጭራሽ የማይነካ ሌላ ፓራቦላ ነው። ትክክለኛው፦

y = 2(x − 3)² − 7

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ x = 0 አስገቡ። መጀመሪያ የተሰጠን 11 ይሰጣል፣ የኛም 18 − 7 = 11። የተሳሳተው ግን 20 ይላል።

(x − 3)² ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ y ትንሹ የሚሆነው x = 3 ላይ ነው፣ ቨርቴክሱም (3, −7)። ቅንፉ ውስጥ −3 ስላለ −3 ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ፈተና ላይ x = −b/2a ብሎ መገላገል ይቻላል፣ እኔም አደርገዋለሁ።

ወደ ፎርሙላው እንምጣ። መጻሕፍት ax² + bx + c = 0ን መጀመሪያ ለa ያካፍሉታል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ክፍልፋይ በክፍልፋይ ይሆናል። እኔ ሁሉንም በ4a ማባዛት ይሻለኛል።

4a²x² + 4abx = −4ac

በግራ በኩል ያለው (2ax + b)² ለመሆን የጎደለው b² ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን ደምሩት።

(2ax + b)² = b² − 4ac

2ax + b = ±√(b² − 4ac)

x = (−b ± √(b² − 4ac)) / 2a

±ን ከረሳችሁ አንዱ መልስ ይጠፋል። የኛን ቁጥሮች ስናስገባ x = (12 ± √56)/4፣ ማለትም 3 ± 1.87 ገደማ ይመጣል። ከ3 ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ናቸው፤ 3 ደግሞ የቨርቴክሱ x ነው።