ሲሞቅ የሚንጣጣ ቦይለር፦ ከሥሩ የተከማቸውን ጨው አጥቦ የማውጣት ዘዴ

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ማሞቅ ሲጀምር እንደ ፈንዲሻ ቢንጣጣ ወይም ቢያጉረመርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በተለምዶ ጨው የምንለው ነጭ ቅርፊት ነው። በተለይ ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ውሃው ሲሞቅ ይህ ማዕድን ከውሃው ይለይና ከፊሉ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ ይጋገራል፣ ከፊሉ እየተፈረፈረ ከታንኩ ሥር ይተኛል። ሮቶ ባለበት ቤት ደግሞ ደለል ይታከልበታል። በቅርፊቱና በብረቱ መካከል የታፈነው ውሃ ከሌላው ቀድሞ ይፈላል፤ የሚፈጠረው የእንፋሎት አረፋም ቀዝቀዝ ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ በድንገት ይከስማል። የምንሰማው ድምፅ ይኸው ነው። ችግሩ ከጩኸት አያልፍም ብሎ መተው ግን አያዋጣም፤ ቅርፊት የለበሰ ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ስለሚያቅተው ራሱ ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል። ከሙቅ ውሃ ቧንቧው እንፋሎት እየተፋ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ከጨው ይልቅ የቴርሞስታት ብልሽት ስለሚመስል፣ ኃይሉን አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ሥራው የሚጀመረው ኃይሉን ከብሬከሩ በማጥፋት ነው። የግድግዳው ማብሪያ ብቻውን አያስተማምንም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ የሚገቡበት ክዳን ከውሃ መግቢያውና መውጫው አጠገብ ስለሚገኝ፣ ኃይሉ መቋረጡን በቴስተር አረጋግጦ ክዳኑን በፕላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ፣ በመጨረሻም ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ መዝጋት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ በመተው ጨው ይታጠባል ብሎ የሚያምን አለ፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ በተሰቀለ ቦይለር ውስጥ ቀይ ምልክት ያለበት የሙቅ ውሃ መውጫ ቱቦ እስከ ታንኩ አናት የሚደርስ ስለሆነ፣ ከሥር የተኛው ጨው በዚያ በኩል አይወጣም። የሚወጣው ሰማያዊ ምልክት ባለበት በቀዝቃዛው መግቢያ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩ አለ። ይህ ቫልቭ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያግድ፣ ታንኩን ለማራገፍ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ አየር እንዲያስገባ ክፍት ትቶ የቫልቩን እጀታ ማንሳት ያስፈልጋል። ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 50 ሊትር ማለት ብዙ ባልዲ ነውና መቸኮል አይገባም። ጨውን በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ለማውጣት መሞከርን ግን አልመክርም፤ አንዲት ስባሪ ቫልቩ ውስጥ ከተቀረቀረች ከዚያ ወዲያ ያለማቋረጥ ያንጠባጥባል።

ስለዚህ ታንኩ ከተራገፈ በኋላ ሴፍቲ ቫልቩን ራሱን በመፍቻ ፈትቶ ማንሳትና ከሥሩ ሰፊ ባልዲ ማስቀመጥ ይሻላል። ቀጥሎ ከቀዩ መውጫ ላይ ያለውን ፍሌክሲብል ፈትቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያመጣውን ፍሌክሲብል በቦታው መግጠም ነው። አሁን ውሃው ከአናት ወርዶ ሥሩን እየመታ በሰማያዊው በኩል ይወጣል። መስመሩን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ከፍቶ መዝጋት፣ ውሃው ሲወርድ መጠበቅ፣ እንደገና መክፈት ነው። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ፣ ቀጥሎ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስሉ ነጭ ስባሪዎች ይመጣሉ፤ ባልዲው ሥር አሸዋ መቅረቱ እስኪያቆም መደጋገም ያስፈልጋል። ቀዳዳው በትልቅ ስባሪ ከተደፈነ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ቀስ ብሎ መነካካት ይበቃል፤ ብረት የታንኩን የውስጥ ሽፋን ይቧጭራል።

ሲያልቅ ቫልቩን በላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ እንዲያመለክት አድርጎ በአዲስ ቴፍሎን ማሰር፣ ፍሌክሲብሎቹን ወደየቦታቸው መመለስ ነው። ብሬከሩ የሚበራው ግን የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር መትፋቱን አቁሞ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ከጀመረ በኋላ ብቻ ነው። ባዶ ታንክ ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል።

ከታጠበም በኋላ መንጣጣቱ ከቀጠለ፣ የቀረው ጨው ሬዚስታንሱ ላይ የተጋገረው ነው፤ እሱ በውሃ ግፊት አይላቀቅም። ያን ጊዜ ታንኩን እንደገና አራግፎ ሬዚስታንሱን ከነመያዣው ማውጣት፣ የኤሌክትሪክ ጫፎቹን ሳያረጥቡ ብረቱን ብቻ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ማግኒዥየም ዘንጉ አብሮ ይወጣል፤ ታንኩን ከዝገት የሚከላከለው እሱ ስለሆነ ተበልቶ ሽቦው ከቀረ መቀየር አለበት። የሬዚስታንሱ መያዣ የሚታሰርበትን ጎሚኒም በአዲስ መተካት ይገባል፤ አንዴ የተጨመቀ ጎሚኒ ሁለተኛ ጊዜ አጥብቆ ላይዘጋ ይችላል።