ስልክን ከመኪና ስክሪን ጋር ስናገናኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ስክሪኑ ግን ዝም። ጅማ ውስጥ መኪና ከሚነዱ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ስክሪኑ ጋ አይደለም።

ያገኙትን ገመድ መሰካት። በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች ብዙዎቹ ኃይል ብቻ ነው የሚያሳልፉት፤ ዳታ የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ውስጣቸው የሉም። የስልኩን ካርታ ስክሪኑ ላይ የሚያመጡት አንድሮይድ አውቶም ሆነ የአይፎኑ ካርፕሌይ ደግሞ ያለ ዳታ አይነሱም። ስለዚህ ሳትገዙ ሞክሩት። ስልኩን በዚያው ገመድ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፣ አንድሮይድ ከሆነ የሚመጣውን ማሳወቂያ ነክታችሁ File transfer የሚለውን ምረጡ። ፎቶዎቻችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ካልመጡ ገመዱን ለባለሱቁ መልሱለት። ርዝመቱም ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ማስረዘሚያ መቀጠል ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

የትኛውም ቀዳዳ ላይ መሰካት። አንዳንድ መኪና ሁለት ሦስት ዩኤስቢ ይኖረውና ከስክሪኑ ጋር የሚገናኘው አንዱ ብቻ ይሆናል። ሌላው ለቻርጅ ነው። ሁሉንም ሳትሞክሩ ተበላሽቷል አትበሉ።

የስልኩን ቀዳዳ አለማየት። አንድ ወዳጄ ጅማና አጋሮ ይመላለሳል፤ መኪናው ጎርበጥ ባለ ቁጥር ካርታው ከስክሪኑ ይጠፋበታል። ገመድ ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ሲታይ ገመዱ ስልኩ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገባም ነበር፣ ጫፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ሲነኩት ይወዛወዛል። ከኪስ የሚገባ ብናኝና አቧራ ታች ላይ ተጠቅጥቆ ነው። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርጎ አወጣው፣ አሁን ገመዱ ቀጭ ብሎ ይገባል። መርፌ ግን አትጠቀሙ፣ ውስጥ ያሉትን መገናኛዎች ይጎዳል።

ብሉቱዝ ካለው ያለ ገመድም ይሠራል ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። ብሉቱዝ ስልኩንና መኪናውን ያስተዋውቃል እንጂ ካርታውንና ምስሉን የሚያመላልሰው ዋይፋይ ነው። ስለዚህ የስልኩን ዋይፋይ አጥፍታችሁ ብሉቱዙን ብቻ ብታበሩ ምንም አይመጣም። ለአንድሮይድ በጥቅሉ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ያለው ስልክ ያስፈልጋል። መኪናው ራሱም ገመድ አልባውን የሚደግፍ መሆን አለበት።

መኪናው በገመድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዩኤስቢው ላይ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር አለ፣ እሱ ይፈታዋል። ግን አዳፕተሩ መኪናውን የሚያታልለው በገመድ የተሰካ ስልክ መስሎ ነው። ከጃፓን ከነናቪጌሽኑ የመጣ አሮጌ ቪትዝ ይዛችሁ፣ ስክሪኑ በገመድ እንኳ አንድሮይድ አውቶ የማያውቅ ከሆነ፣ አዳፕተሩ ምንም አይሠራላችሁም። መጀመሪያ በደህና ገመድ ሞክሩት፤ በገመድ ከመጣ ብቻ አዳፕተሩን ግዙ።

ያለ ገመድ ሲሆን ስልኩ ቶሎ ይግላል፣ ባትሪም ይበላል። ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ ካርታ ከፍታችሁ ለምትነዱበት ቀን ገመዱ ይሻላል።