ሁዱ ጭስ አልስብ ሲል፦ ጉድለቱ ማስገቢያው ላይ ነበር

በምግብ ቤት ኩሽና ከምድጃው በላይ ያለ የ3 ሜትር የጭስ መሳቢያ ሁድ ነው፤ ከፊት ጠርዙ ስር ጭስ ያመልጣል፣ የኩሽናው በርም ሲከፈት ይከብዳል። የጓሮው በር ገርበብ ሲደረግ ጭሱ ወዲያው ተመልሶ ወደ ሁዱ ገባ። ይህ ምልክት ማስወጫው ደህና መሆኑን፣ የጎደለው የሚተካው አየር መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ባለበት የማስወጫውን ፍጥነት መጨመር ነገሩን ያባብሳል።

ስንለካ በሰዓት 5,000 ሜትር ኩብ ይወጣል፣ የሚገባው ግን 2,400 ብቻ ነው። ከውጭ አየር የሚያስገባው ፋን ማጣሪያ ተደፍኗል፣ ቺንጋውም ላልቷል። ሁለቱ ሲስተካከሉ 3,200 ደረሰ። ፑሊው ተቀይሮ 4,250 ሆነ፤ ይህ ከሚወጣው አየር 85 በመቶው ነው፣ ቀሪው ከመመገቢያ አዳራሹ ይሳባል። ፋን ሲፈጥን የሞተሩ ጭነት ከፍጥነቱ በላይ ስለሚያድግ፣ አምፔሩ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አለማለፉን ማየት ግድ ነው።

አሁንም ትንሽ ጭስ ቀረ። ጥፋቱ ሁዱ አጠገብ ያለው የአየር መበተኛ ነው፤ በኃይል እየነፋ ጭሱን ይጎትተዋል። ብዙ ቀዳዳ ባለው ሰፊ ሳህን ተክተን ራቅ አደረግነው።

ጭሱን ከሁዱ ወደ ውጭ የሚወስደው ቱቦ፣ ደክቱ፣ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። በብሎን ታስሮ በሲሊኮን ከተደፈነው መጋጠሚያ ቅባት ይንጠባጠባል። የቅባት ደክት መጋጠሚያ ከውጭ ዙሪያውን ያለማቋረጥ መበየድ አለበት፤ ሲሊኮን እሳት አይችልም። አግድም የሚሄደውን ክፍል በየሜትሩ 2 ሴንቲ ወደ ሁዱ አዘንብለን በየድነው፣ መታጠፊያው ላይም የማጽጃ በር ከጎኑ ከፈትንለት። በሩ ከታች ቢሆን ቅባት ያፈስ ነበር።