«ሲመችህ ታግዘኛለህ?» ከማለት

«ሰላም፣ ሪፖርቱ ላይ ትንሽ ብታግዘኝ? ሲመችህ።» ትሕትና አለው፤ ሥራ ለበዛበት ባልደረባ ግን የቤት ሥራ ነው። የትኛው ሪፖርት፣ ምኑ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ራሱ መጠየቅ አለበት። «ሲመችህ» ደግሞ «አይቸኩልም» ተብሎ ስለሚነበብ መልእክቱ ሳይመለስ ይቀራል።

ከመጻፍህ በፊት ሰውየው ሲጨርስ ምን እንደሚሰጥህ ወስን፤ የተረጋገጠ ቁጥር ነው፣ አስተያየት ነው ወይስ ፈቃድ? መልሱ ሲታወቅ «አግዘኝ» የሚለው ቃል ራሱ አያስፈልግም፦

«ሰላም፣ እንደምን አደርክ? የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ገጽ 4 ላይ ያሉት ሦስት የሽያጭ ቁጥሮች አንተ ጋ ካለው መዝገብ ጋር መግጠማቸውን ታይልኛለህ? 10 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሪፖርቱ ዓርብ ጠዋት ስለሚላክ ሐሙስ ከሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቢደርሰኝ የማስተካከያ ጊዜ አገኛለሁ። ካልተመቸህ ዛሬ ብቻ አሳውቀኝ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ገጹን አያይዣለሁ።»

ቀኑ ትእዛዝ እንዳይመስል የሚያደርገው አጠገቡ ያለው ምክንያት ነው። «ካልተመቸህ» የሚለውም ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ እንቢታው ሐሙስ ማታ ሳይሆን ዛሬ እንዲመጣልህ ነው። ደቂቃውን ግን አታሳንስ። 40 ደቂቃ የሚፈጀውን 10 ነው ካልከው፣ ቀጣዩን መልእክትህን ሲያይ ሌላ 30 ይደምርበታል። «ይቅርታ ላስቸግርህ» አንዴ ይበቃል፤ ሦስቴ ከተደጋገመ ዋናው ጥያቄ ከሥሩ ይቀበራል።