በ4 ጊጋ ራም የትኛው ጌም ይሠራል? ሚኒመሙን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሚኒመሙ ላይ፣ ማለትም ጌሙ እንዲነሳ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት ላይ፣ «4 ጊጋ ራም» የሚል ስላዩ ብቻ ጌሙን ማውረድ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ይዞ መጣ። «ጂቲኤ 5 ጫንልኝ፣ ሚኒመሙን ያሟላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ፕሮሰሰሩም Core i3-2100 ስለሆነ ብዙም አይታማም። የጌሙ ሚኒመም ግን የራሱ 1 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድም ይጠይቃል፤ ለምሳሌ 9800 GT። የልጁ ኮምፒውተር ካርድ የሚባል ነገር የለውም። ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው Intel HD Graphics 2000 ነው። እሱ ደግሞ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚያችው 4 ጊጋ ላይ ይቆርሳል። ዊንዶውስም ድርሻውን ቀድሞ ወስዷል። ለጌሙ ምን ተረፈው?

ጫንኩለት። መኪናውን ፈጠን አድርጎ ሲነዳ መንገዱ ገና ሳይሳል ይደርስበታል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋተኛውን መለየት አያስቸግርም። ጌሙ ደህና እየሄደ ድንገት ቀጥ የሚል ከሆነና የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ የሚበራ ከሆነ ራም አንሶታል፤ የጎደለውን ከዲስክ እየተበደረ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጎተት ከሆነና የጥራት ደረጃውን ሲቀንሱለት ፈጠን ካለ ግን ችግሩ ግራፊክሱ ነው። በዚህ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ነበሩ።

የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ dxdiag ከፍተው በማይሆነው ቁጥር የሚደሰቱም አሉ። Display የሚለው ገጽ ላይ Approx. Total Memory ወደ 1.8 ጊጋ ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ያ ከራማችሁ ሊበደር የሚችለውን ጨምሮ ነው። ማየት ያለባችሁ ከሥሩ ያለውን Display Memory (VRAM) ነው። እዚያ 64 ወይም 128 ሜጋ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ 64 ቢት ብቻ የሆነ ጌም ጭራሽ አይነሳም።

የካርድ ስም ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁም አትግዙ። GT 610 ከ9800 GT በዓመታት ዘግይቶ የወጣ ነው፤ በአቅም ግን አይደርስበትም። ሻጩ «አዲስ ነው፣ 2 ጊጋ ነው» ይላችኋል። ሜሞሪው መብዛቱ ደካማውን ቺፕ አያፈጥነውም። ሁለቱን ስም አንድ ላይ ጽፋችሁ ፈልጉና የሙከራ ውጤታቸውን አወዳድሩ።

ለ4 ጊጋ ኮምፒውተር እኔ የማየው ሚኒመሙን ሳይሆን ሪኮመንድዱን፣ ማለትም ጌሙ በደንብ እንዲሄድ የሚመከረውን ነው። እዚያ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ራሙ አያሳስበኝም፤ ወደ ግራፊክሱ መስመር እሄዳለሁ። ኳስ ለሚወድ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፊፋ 15 በሚኒመም ብቻ 4 ጊጋ ይጠይቃል። ፔስ 2017 ግን በሪኮመንድድም 2 ጊጋ ይበቃዋል። ለልጁም በመጨረሻ የጫንኩለት እሱን ነው፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጌ።