አሮጌ ሞተር ሳይክል ሰጥቶ አዲስ ሲገዛ ቅድሚያ ክፍያውና ቀሪው እንዴት ይሰላል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አሮጌ ሞተር ተቀብሎ አዲስ የሚሰጥ ሻጭ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «የራስህን በስንት ላስብልህ?» ብሎ ነው። ቶሎ አትመልሱ።

1. መጀመሪያ አሮጌውን ሳታነሱ የአዲሱን የካሽ ዋጋ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ሱቅ ዙሩ። አሮጌውን ደግሞ ከሻጩ ጋር ላልተነካካ መካኒክ አሳዩ፤ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ሲመለስ የሞተሩን አቅም ይነግራችኋል።

2. ዋናው ነገር እዚህ ነው፦ የአሮጌውን ግምት ሳይሆን ልዩነቱን አወዳድሩ። አንዱ ሻጭ አዲሱን 180,000 ብር ብሎ የእናንተን በ60,000 ያዘላችሁ እንበል። የምትጨምሩት 120,000 ነው። ሌላው «እኔ በ70,000 እይዝልሃለሁ» ይልና አዲሱን 195,000 ያደርገዋል። ያኛው ለሞተራችሁ 10,000 የጨመረ ይመስላል፣ ግን የምትከፍሉት 125,000 ነው።

ቅድሚያ ክፍያው ላይም እንዲሁ ነው። «30 በመቶ» ሲባል ከምኑ? ከሙሉው ዋጋ ከሆነ 54,000 ነው፤ 60,000 የተገመተው አሮጌ ሞተር ይሸፍነዋል፣ በእጅ ምንም አትሰጡም፣ ቀሪው 120,000 በ6 ወር ሲካፈል በወር 20,000 ይሆናል። ከልዩነቱ ከሆነ ግን 36,000 ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ቀሪው 84,000 በወር 14,000 ይደርሳል። ድምሩ አንድ ነው፣ ኪሳችሁ ግን የቱን እንደሚችል እናንተ ታውቃላችሁ። በዱቤ ሲሆን ዋጋው ከፍ ካለ ጭማሪው ስንት እንደሆነ ለብቻው ይጻፍላችሁ።

3. ውል ላይ «ቀብድ» ብላችሁ አትፈርሙ፣ «የዋጋው አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ» ይባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። አሮጌው ሞተር በዚህ መካከል ተሽጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሉ ቢፈርስ ሞተሩ ወይም የተገመተበት 60,000 ብር እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።

4. አሮጌውን ያለ ስም ዝውውር አታስረክቡ። አንድ የማውቀው የኮምቦልቻ ልጅ «ስሙን በኋላ እናዞራለን» ተብሎ ሰጠ፣ ሞተሩ ለሦስተኛ ሰው ተሸጦ ሰው ገጨ፣ የተፈለገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው እሱ ነው። ዝውውሩ የግድ ከዘገየ የርክክቡ ቀንና ሰዓት፣ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ሻጩ ፈርሞ ይስጣችሁ።

5. ወርሃዊውን በባንክ አስገቡ፣ በእጅ ከሆነ ደረሰኝ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ሊብሬ እዳው እስኪያልቅ ሻጩ ጋር ይቆያል፤ የመጨረሻውን ክፍያ ስትከፍሉ ሊብሬውንና «ከእዳ ነጻ ነው» የሚል ወረቀት አብራችሁ ተቀበሉ።