ፊርማው ራሱ ምስጢር እንዳያወጣ

በኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ የነርሲንግ ጥናት ፕሮፖዛል ስትጽፉ፣ «ስም አይመዘገብም» ብላችሁ ስምና ፊርማ የሚጠይቅ የፈቃድ ቅጽ አታያይዙ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይህን ግጭት አይቶ ሊመልሰው ይችላል።

ጥናቱ ቃለ መጠይቅ ብቻ ከሆነ ፈቃዱ በቃል እንዲወሰድ ጠይቁ። ምክንያቱንም ጻፉ፦ ታካሚውን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ወረቀት የፈረመበት ቅጽ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ማብራሪያውን በታካሚው ቋንቋ ያነብለታል፣ የገባውን በራሱ አባባል መልሶ እንዲነግረው ይጠይቀዋል፤ ከተስማማ ኮድና ቀን ሞልቶ ሰብሳቢው ራሱ ይፈርማል። ሰብሳቢው የዚያው ክሊኒክ ነርስ ባይሆን ይመረጣል፤ መድኃኒት የሚሰጥህን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳላ!

ደም የሚወሰድበት ወይም መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ላይ ግን የጽሑፍ ፈቃድ አዘጋጁ። ያኔ ቅጹ ላይ የመጠይቁን ኮድ አትጻፉ፤ ቅጹንና መጠይቁን በተለያየ የሚቆለፍ ሣጥን አስቀምጡ።